ቀስተ ደመናን ስናስረዳ የማይለቁን ስህተቶች

ክረምት ላይ ደሴ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል። ዶፉ ጋብ ሲል በቶሳ ተራራ በኩል ፀሐይ ብቅ ትላለች፤ በአዝዋ ገደል በኩል ደግሞ የማርያም መቀነት ይዘረጋል። ልጅ አዋቂው ቀና ብሎ ያያል። «እንዴት ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙው ሰው «ብርሃን በዝናብ ጠብታ ውስጥ ሲያልፍ ይበተናል» ይላችኋል። ልክ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቀጥሎ «ከዚያስ?» ስትሉ ነው። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ስህተቶች በየዓመቱ ያው ናቸው።

«ጠብታው ውስጥ ቶታል ኢንተርናል ሪፍሌክሽን አለ»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰነፍ ተማሪም ጎበዝ ተማሪም እኩል ይጽፈዋል። አንዳንድ አጋዥ መጽሐፍም ያትመዋል። መምህሩም ሰሌዳ ላይ ያሰፍረዋል። ልጁ በቃሉ ይይዘዋል፤ ማንም «እስቲ አሳየኝ» አይለውም። በጣም የሚያበሳጨኝም እሱ ነው። ስህተትነቱን ለማወቅ ከፍተኛ ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ክብና አንድ ሦስት ማዕዘን መሳል ይበቃል።

መጀመሪያ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ እንያዝ። ውሃ ውስጥ ያለ ብርሃን የውሃውን ገጽ ከውስጥ ሲመታ ገሚሱ ወደ አየር ይወጣል፤ ገሚሱ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ምንም ሳይወጣ ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው ከገጹ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር፣ ኖርማል ከምንለው፣ ከ48.6 ዲግሪ በላይ አጋድሎ ከመጣ ብቻ ነው። ያቺ 48.6 የውሃ ወሳኝ ማዕዘን ናት።

አሁን እርሳስ አንሡ። ጠብታውን ክብ አድርጋችሁ ሳሉ። መሃሉን «መ» በሉት። ብርሃኑ የገባበትን ነጥብ «ሀ»፣ የኋላውን ግድግዳ የሚመታበትን ነጥብ «ለ» በሉት። ከመ ወደ ሀ፣ ከመ ወደ ለ መስመር ጎትቱ። ሁለቱም የክቡ ሬዲየስ ናቸው፤ እኩል ናቸው። ስለዚህ ሦስት ማዕዘኑ ሁለት እኩል ጎን አለው፤ በሀ እና በለ ያሉት ማዕዘኖችም እኩል ናቸው። ሬዲየሶቹ ደግሞ ራሳቸው ኖርማሎች ናቸው። በቃ፣ ብርሃኑ ሲገባ ከኖርማሉ ጋር የሠራው የውስጥ ማዕዘን ስንት ከሆነ የኋላውን ግድግዳም የሚመታው በዚያው ማዕዘን ነው።

ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ወደ ኖርማሉ ይሰበራል። የጠብታውን ጠርዝ ታክኮ፣ 90 ዲግሪ አጋድሎ ቢመጣ እንኳ ውስጥ የሚይዘው ማዕዘን 48.6 ላይ ይቆማል። ከዚያ አያልፍም። የኋላውን ግድግዳ የሚመታው በዚያው ማዕዘን ከሆነ ወሳኙን ማዕዘን የሚያልፍበት መንገድ የለም። ክብ ጠብታ ውስጥ የገባ ብርሃን በኋላው ግድግዳ መውጫ ያጣል ማለት አይቻልም።

በቁጥር እንየው። ቀስተ ደመናውን የሚሠራው ቀይ ብርሃን ጠብታውን የሚመታው በ59 ዲግሪ ገደማ ነው። ውስጥ ሲገባ ወደ 40 ይሰበራል። የኋላውን ግድግዳም በ40 ይመታል። 40 ከ48.6 ያንሳል። ከዚያ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚመለሰው ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነው። የቀረው 94 ያህሉ በጠብታው ጀርባ በኩል ወጥቶ ይሄዳል። እኛ ደሴ ላይ ቆመን ያንን ሁሉ ቀለም የምናየው በዚያች 6 እጅ ነው።

ያላመነ ሰው ላብራቶሪ ካለው ክብ ፍላስክ ውሃ ይሙላ። ካርቶን ላይ ከፍላስኩ በጣም ጥቂት ብቻ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ያብጅ። በቀዳዳው የፀሐይ ጨረር አስገብቶ ጨለም ባለ ክፍል ፍላስኩ ላይ ያሳርፈው። ከፍላስኩ ጀርባ ነጭ ወረቀት ሲይዝ ዓይን የሚወጋ ደማቅ ብርሃን ያርፍበታል። ወደ ካርቶኑ ዞር ብሎ ሲያይ ደግሞ በቀዳዳው ዙሪያ ፈዘዝ ያለ ባለ ቀለም ቀለበት ያገኛል። ደማቁ ያመለጠው ነው፤ ፈዛዛው የተመለሰው ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ የፋርሱ ከማል አል ዲን አል ፋሪሲ እና የጀርመኑ ቴዎዶሪክ ሳይተዋወቁ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ውሃ የተሞላ የመስታወት ሉል ይዘው ብርሃኑን ተከታተሉት።

ስለዚህ ተማሪዎቼ «ውስጣዊ ነጸብራቅ» ብላችሁ ጻፉ። «ሙሉ» የሚለውን ሰርዙት።

መበተኑን ብቻ ተናግሮ ማቆም

«ቀይ ትንሽ ይሰበራል፣ ወይን ጠጅ ብዙ ይሰበራል፣ ስለዚህ ቀስተ ደመና ሆነ።» ይህ የፕሪዝም መልስ ነው። የጎደለው ነገር አለ። የፀሐይ ብርሃን ጠብታውን በአንድ ቦታ ብቻ አይመታም፤ ከመሃል እስከ ጠርዝ ሁሉንም ይመታል። በየቦታው የገባው ደግሞ በየአቅጣጫው ይወጣል። ታዲያ ቀለሞቹ ለምን ተደበላልቀው ነጭ አልሆኑም?

መልሱን ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1637 ባሳተመው ሥራው ሰጥቷል። ጨረሮቹን ከመሃል ጀምሮ ወደ ጠርዝ አንድ በአንድ በእጁ አሰላ። መሃል የገባው በመጣበት ይመለሳል። ከመሃል ራቅ ባለ ቁጥር የሚመለስበት ማዕዘን ይሰፋል። እስከ 42 ዲግሪ ይሰፋና ይቆማል። ከዚያ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ተመልሶ ይጠባል። የሚዞርበት ቦታ ላይ፣ ማለትም 42 አካባቢ፣ ብዙ ጨረሮች በአንድ አቅጣጫ ተጨናንቀው ይወጣሉ። ድምቀቱ የሚመጣው ከዚህ መጨናነቅ ነው።

ስሌቱን እንከታተለው። ጨረሩ ሲገባ ከ59 ወደ 40 ስለተሰበረ 19 ዲግሪ ዞረ። ጀርባው ላይ ሲንጸባረቅ 100 ያህል ዞረ። ሲወጣ እንደገና 19። ድምሩ 138 ነው። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ለመመለስ ከሚያስፈልገው 180 ላይ ይህን ስትቀንሱ 42 ይቀራል። ወይን ጠጁ ትንሽ ስለሚለይ የእርሱ ማዕዘን 40 ተኩል ገደማ ላይ ይቆማል። ቀለሞቹን የለያየው መበተኑ ነው፤ ለዓይን እንዲበቁ ያደረጋቸው ግን መጨናነቁ ነው። ሁለቱ ካልተነገሩ መልሱ ጎዶሎ ነው።

ይህን ሰማይ ላይ ማየት ይቻላል። ከ42 ያነሱ ማዕዘኖች ሁሉ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ግን ቀለሞቹ ስለሚደራረቡ ነጣ ይላል። በሚቀጥለው ዝናብ የቀስቱን ውስጥና ውጭ አወዳድሩ። ውስጡ ፈካ ያለ ነው፤ ውጭው ጠቆር ይላል። አንድ ጊዜ ካስተዋላችሁት ሁልጊዜ ይታያችኋል።

አንድ ጠብታ ሰባቱንም ቀለም ለዓይናችን ይልካል ማለት

አይልክም። ይህን የሚያመጣው የመጽሐፉ ሥዕል ነው። አንድ ትልቅ ጠብታ ይሳላል፣ ከሥሩ ቀለሞች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይወጣሉ፣ ከላይ ወይን ጠጅ ከታች ቀይ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ «ታዲያ ሰማይ ላይ ለምን ቀዩ ከላይ ሆነ?» ይላል። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቀኝን ልጅ እወደዋለሁ። «ዝም ብለህ ያዘው» ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ነው።

ፀሐይ አድማስ አጠገብ ናት እንበል። ቀዩ ከጠብታው ሲወጣ ወደ መሬት 42 ዲግሪ ያዘቀዝቃል፤ ወይን ጠጁ 40 ተኩል ገደማ። ከአንድ ጠብታ የወጣው ቀይ ዓይናችሁ ላይ ካረፈ ወይን ጠጁ ያን ያህል ስላላዘቀዘቀ ከራሳችሁ በላይ ያልፋል። ወይን ጠጅ የሚደርሳችሁ ዝቅ ካለ ሌላ ጠብታ ነው። ስለዚህ ቀዩ ከላይኞቹ ጠብታዎች ይመጣል፣ ወይን ጠጁ ከታችኞቹ። እያንዳንዱ ጠብታ በዚያች ቅጽበት ለእናንተ የሚልከው አንድ ቀለም ነው። አጠገባችሁ የቆመው ሰው ደግሞ ቀለሙን የሚያገኘው ከሌሎች ጠብታዎች ነው።

ሁለተኛው ቀስት የመጀመሪያው ጥላ ነው ማለት

አይደለም። ብርሃኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተንጸባርቆ የወጣበት ነው። 51 ዲግሪ አካባቢ ይቀመጣል፣ ቀለሙም ይገለበጣል፤ ቀዩ ከውስጥ ነው። በእያንዳንዱ ነጸብራቅ ብርሃን ስለሚያመልጥ ይፈዝዛል።

ጠብታውን እንደ እንባ ሹል አድርጎ መሳል

ተዉት። ትንንሾቹ ጠብታዎች ክብ ናቸው፤ ትልልቆቹ ከሥር ጠፍጠፍ ይላሉ። ሹል ጫፍ ያለው የለም።

ፀሐይንና ቀስቱን በአንድ በኩል መሳል

ቀስተ ደመና ሁልጊዜ ለፀሐይ ጀርባችሁን ስትሰጡ ከፊት ለፊታችሁ ነው። የቀስቱ መሃል የራሳችሁ ጥላ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ነው፤ ቀዩ ከዚያ 42 ዲግሪ ይርቃል። ጠዋት ከሆነ ፀሐይ በአዝዋ ገደል በኩል ስለሆነች ቀስቱን ቶሳ ላይ ፈልጉት። ከሰዓት ከሆነ በተቃራኒው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል፤ ብዙ ሰውም ይዘነጋዋል። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች፣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ሰማይ ላይ ዋናውን ቀስት አያይም። ቀስቱ ሙሉ በሙሉ ከአድማስ በታች ይሆናል። ነሐሴ 10ን ለደሴ አስልቼዋለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፀሐይ 52 ዲግሪ ከፍ ብላ ትገኛለች። የፈለገውን ያህል ዝናብና ፀሐይ ቢገናኙ ቀስት የለም። 9 ሰዓት ከ45 አካባቢ 42 ላይ ትደርሳለች። 10 ሰዓት ላይ 38 ትሆናለች፤ የቀስቱ ጫፍ ከአድማስ 4 ዲግሪ ብቻ ብቅ ይላል፤ ከፊት ተራራ ካለ ለዓይን ከተራራው የተደገፈ ይመስላል። 11 ሰዓት ላይ 23 ትሆናለች፤ ቀስቱ 19 ዲግሪ ከፍ ይላል። እየመሸ በሄደ ቁጥር ቀስቱ ያድጋል። ደሴ ላይ ግን ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ቶሳ ጀርባ ስለምትገባ ትልቁን ቀስት ብዙ ጊዜ አናገኘውም።

ይህ የ42 ሕግ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው ነው። ወሎ ግን ሜዳ ብቻ አይደለም። ቶሳ ተዳፋት ላይ ቆማችሁ ከታች ከተማው ላይ ዝናብ ቢዘንብ፣ ፀሐይም ያንን ዝናብ ብታገኘው፣ 9 ሰዓት ላይም ቀስት ልታዩ ትችላላችሁ። ጫፉ ከአድማስ 10 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ታች፣ ወደ ቤቶቹ ጣሪያ ተመልከቱ።