የግቢ ኮንክሪትና ረጅም አጥር፦ ጆይንት የት ይቀመጣል፣ መቼስ ይቆረጣል?

አዲስ የተሞላ የግቢ ኮንክሪት ከመሃሉ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚታማው ሲሚንቶው ነው። «አሳንሰውበት ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የጎደለው ጆይንት ነው። እንዲያውም ግንበኛው እንዲቀልለት ውሃ ያበዛበት ኮንክሪት ሲደርቅ ይበልጥ ይኮማተራል።

ኮንክሪት ሲደርቅ በየሜትሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። 12 ሜትር ወለል ከሆነ በድምሩ 6 ሚሊ ሜትር መሆኑ ነው። ከሥሩ ያለው ድንጋይና አፈር ስለሚይዘው እንደልቡ መሰብሰብ አይችልም፤ ስለዚህ ይወጠራል። ኮንክሪት ደግሞ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲጎትቱት ደካማ ነው፤ የመጎተት አቅሙ ከመጫን አቅሙ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ይሰነጠቃል። ኮንትሮል ጆይንት የሚባለው ስንጥቁ በቀጥታ መስመር፣ እኛ በመረጥነው ቦታ እንዲወጣ ሆን ተብሎ የሚቆረጥ መስመር ነው። ኤክስፓንሽን ጆይንት ሌላ ነው፤ እሱ ከላይ እስከ ታች ክፍት ሆኖ በለስላሳ ነገር የሚሞላ፣ ኮንክሪቱ ወይም ግንቡ በሙቀት ሲለጠጥ የሚገባበት ቦታ ነው። ሳይት ላይ ሁለቱም «ኤክስፓንሽን» ሲባሉ ትሰማላችሁ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው።

12 ሜትር በ9 ሜትር የሆነ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የግቢ ወለል እንውሰድ።

መስመሩን ከመሙላታችሁ በፊት አውጡ። በጆይንቶች መካከል ያለው ርቀት ከውፍረቱ ከ24 እስከ 30 እጥፍ ይሁን። ለ10 ሴንቲ ሜትር ወለል ከ2.4 እስከ 3 ሜትር ይመጣል። የኛ ወለል በርዝመቱ አራት፣ በወርዱ ሦስት ቦታ ሲከፈል ባለ 3 ሜትር አሥራ ሁለት እኩል ካሬዎች ይወጡታል። ሁሌ እንዲህ አይገጥምም፤ ካልገጠመ የአንዱ ክፍል ርዝመት ከወርዱ ከአንድ ተኩል እጥፍ እንዳይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ቀጭንና ረጅም ክፍል መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ግቢው የ«ገ» ዓይነት ማዕዘን ካለው ወደ ውስጥ ከገባው ጥግ ላይ መስመር መነሳት አለበት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ማንሆል ካለም መስመሩ በእሱ በኩል እንዲያልፍ አስተካክሉ። ቦታዎቹን በቤቱ ግድግዳና በጠርዙ ጣውላ ላይ በኖራ ምልክት አድርጉባቸው፤ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ መስመሩን ፍለጋ እንዳትሉ።

ወለሉን ከቤቱ ለዩት። ወለሉ የቤቱን ግድግዳና ኮለን በሚነካበት ሁሉ 1 ሴንቲ ሜትር ፎም በሙሉ ውፍረቱ ልክ አቁሙ። ኮለኑን በአራቱም ጎን ክበቡት። ሜሽ ከተነጠፈ ደግሞ በጆይንቱ መስመር ላይ ቢያንስ በየሁለተኛው ሽቦ ይቆረጥ፤ ሳይቆረጥ ካለፈ ስንጥቁን ወደ ሌላ ቦታ ይገፋዋል።

ከዚያ ሞልታችሁ ደልድሉ፤ ከዚያ ሰዓታችሁን ተመልከቱ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ግራይንደሩ ቶሎ ከገባ ጠጠሩን እየነቀለ ጠርዙን ያበላሻል። ከዘገየ ደግሞ ኮንክሪቱ የራሱን መስመር አውጥቶ ይጠብቃችኋል፤ እየቆረጣችሁ ሳለ ከዲስኩ ፊት ፊት የሚሮጥ ቀጭን ስንጥቅ ካያችሁ ዘግይታችኋል ማለት ነው። በተራ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ኮንክሪቱ ከተደለደለ በኋላ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። ፀሐይና ነፋስ ያፈጥኑታል፤ ብርድ ያዘገየዋል። በሰዓት ብቻ አትመሩ። ጠርዝ ላይ፣ ከማይታይ ቦታ አንድ ጋት ያህል ሞክሩ። ጠጠር እየተፈነቀለ ከወጣ አቁሙና ጠብቁ፤ ጠርዙ ትንሽ ሻካራ ሆኖ ጠጠሩ ግን ከነቦታው ከተቆረጠ ቀጥሉ። «ነገ ጠዋት እንቆርጠዋለን» የሚለውን ሰው አትስሙ። ጠዋት ተሞልቶ ማታ የሚቆረጥ ስለሆነ የመብራት ገመዱና ዲስኩ ቀድመው ይዘጋጁ።

ስትቆርጡ መጀመሪያ ወለሉን ለሁለት የሚከፍለውን የመሃል መስመር፣ ከዚያ የቀሩትን አስኪዱ። ቀጥ ያለ ቱቦላሬ መሬት ላይ አጋድማችሁ እሱን ተከተሉ። ጥልቀቱ የውፍረቱ ሩብ፣ ማለት እዚህ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እኔ 3 አደርገዋለሁ፤ ወለሉ የትም ቦታ እኩል 10 ሆኖ አይገኝምና። በየመሃሉ ሚስማር እያስገባችሁ ለኩ። ዲስኩ የኮንክሪት ዳይመንድ ይሁን፤ የብረት ዲስክ ገንዘብ ማባከን ነው። አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ ማስክ አድርጉ።

ግራይንደር ከሌለ ወለሉን እንደ ዳማ ገበታ ጣል ጣል እያደረጋችሁ ሙሉት፤ የመጀመሪያዎቹ ሲጠነክሩ በመሃል ያሉትን። አድካሚ ቢሆንም ሁነኛ መንገድ ነው። በካዞላ ጫፍ የሚሰመረው ያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ጌጥ ግን ጆይንት አይደለም፤ ስንጥቁ አያውቀውም።

ቢያንስ ለ7 ቀን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ውሃ አጠጡ።

አጥሩስ? የሲሚንቶ ብሎኬትም ሲደርቅ ያጥራል፤ በተለይ ሳይደርቅ ከማምረቻው የተጫነው። ስለዚህ በብሎኬት አጥር ላይ በየ6 ሜትሩ፣ ከጥግ ደግሞ በ3 ሜትር ውስጥ ጆይንት ያስፈልጋል። ተዳፋት ላይ አጥሩ በደረጃ ከፍ ዝቅ በሚልበትና ከበሩ ጎንም እንዲሁ፤ ስንጥቅ ከፍታ በሚቀየርበት ቦታ መነሳት ይወዳል። ጥግ የሌለው ቀጥ ያለ 24 ሜትር አጥር ላይ ሦስት ጆይንት ይበቃል፤ እያንዳንዱ ከኮለን አንድ ጎን ይቀመጥ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሞርታር አይያያዝም፤ በመሃላቸው 1 ሴንቲ ሜትር ፎም ከመሠረቱ ላይ እስከ አናት ይቆማል። አጥሩ እንዳይወድቅ በየሦስት መደዳው አጭር ቁጥር 8 ፌሮ ከኮለኑ ወጥቶ ወደ ብሎኬቱ ይገባል፤ በብሎኬቱ በኩል ያለው ግማሽ ግሪስ ተቀብቶ የፕላስቲክ ቱቦ ይለብሳል። ግንቡ ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን አይሄድም። የላይኛው ቢምም እዚያው ላይ መቋረጥ አለበት፤ ቢሙ ከቀጠለ ከታች ያለው ጆይንት ምንም አይሠራም።

የሚረሳው ልስኑ ነው። ያየሁት አንድ አጥር ፎሙም ፌሮውም በትክክል ገብቶለት ነበር፤ ለሳኙ መጥቶ ሁሉንም አንድ ላይ ለሰነው። በበጋው ልስኑ ልክ በጆይንቱ ትይዩ እየተንቀረጠጠ ይረግፍ ጀመር። ልስኑ እርጥብ እያለ በጆይንቱ ላይ ቆርጣችሁ ክፈቱት።

የሸክላ ጡብ ግን ተቃራኒ ነው፤ ከምድጃ ከወጣ ጀምሮ ቀስ እያለ ይለጠጣል። ለእሱ የሚያስፈልገው እውነተኛ ኤክስፓንሽን ጆይንት ነው፤ በየ12 ሜትሩ፣ ሲጨመቅ በሚጨማደድ ለስላሳ ፎም የተሞላ። ጠንካራ ካርቶን ወይም የሞርታር ፍርፋሪ ከገባበት ግንቡ ይገፋፋና ጥጉ ላይ ይከፈታል።

ክፍተቱን መድፈን አትቸኩሉበት፤ መኮማተሩ እስኪበርድ አንድ ሁለት ወር ይቆይ። ከዚያ ክብ የፎም ገመድ ወደ ውስጥ አስገቡና ከላዩ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ሙሉ፤ ጥልቀቱ የክፍተቱን ስፋት ግማሽ ያህል ይሁን። ማሸጊያው ሁለቱን ጎን ብቻ ይያዝ፤ ከታችም ከተጣበቀ ሲለጠጥ ይቀደዳል። ሲሊኮን ይረክሳል፤ ቀለም ግን አይዝለትም። ቀደም ብሎ የተሰነጠቀ ካለም በሲሚንቶ አትድፈኑት፤ በግራይንደር አስፍታችሁ በዚሁ ማሸጊያ ሙሉት፤ ስንጥቁ በየወቅቱ መከፈትና መዘጋቱን አይተውምና።