ዳቦውን ከበሩ አንሱት

ሚኒ ማርኬት ያላችሁ፣ ዳቦውን በር ላይ ደርድራችሁት ከሆነ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ውሰዱት። እኔ የከፈትኩ ሰሞን ዳቦና እንቁላሉን ሒሳብ መቀበያው ጎን አድርጌው ነበር። ሰው ይገባል፣ ዳቦውን ያነሳል፣ ከፍሎ ይወጣል። ሌላውን መደርደሪያ ዞር ብሎ የሚያይ አልነበረም።

አሁን ዳቦው ጥግ ላይ ነው፤ ወደሱ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ማርማላታ፣ የኦቾሎኒ ቅቤና ማር፣ ቀጥሎ ሻይ ቅጠልና ስኳር አስቀምጫለሁ፣ ምክንያቱም ለቁርስ የመጣ ሰው ስኳር ቤት ውስጥ ማለቁ ትዝ የሚለው እዚያ ሲደርስ ነው። ፓስታና መኮሮኒውም ከቲማቲም ድልህ ጋር ጎን ለጎን ነው። ድልሁን በዓይን ትክክል አድርጉት፤ ታች ከሆነ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ የለም። ታችኛው ለባለ 5 ሊትር ዘይት ይሁን።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። የዳቦው ቅርጫት ከበር መታየት አለበት፤ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ «ዳቦ የለም እንዴ?» ካለ በጣም ደብቃችሁታል ማለት ነው። ሳሙናና በረኪናም ከሻይ ቅጠልና ከዱቄት ይራቅ፣ ሽታው ይገባባቸዋል (እኔ አንድ ካርቶን ሻይ ከስሬበታለሁ)።

መሥራቱን ለማወቅ ለአንድ ሳምንት ዳቦ ገዝቶ ሌላ ዕቃ የጨመረውን ሰው ሁሉ ደብተር ላይ በጭረት ቁጠሩ። በመስኮት ለምትሸጡ ግን ይሄ አይሠራም፤ ደንበኛው አይገባማ።