የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ ጽሑፍ እንዴት ይታረማል?

ባለፈው ክረምት የአንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ ረቂቅ ሳርም ነበር። ታሪኩ ፋሲል ግቢ ውስጥ ስለምትኖር ድመት ነው። ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት፤ ያለቀ መሰለኝ። ማታ ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠኋት። ሁለተኛ ክፍል ናት። አንዱ ገጽ ላይ ቆመችና «እትዬ፣ ሰፊው ማነው?» አለችኝ።

ገጹ እንዲህ ይላል፦

ድመቷ ሰፊው
በር ላይ ቆመች።

ልብስ ሰፊ መስሏት ነው። አልፈርድባትም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። እኛ ቀጥሎ ያለውን ቃል አይተን እንገምታለን፤ ልጅ ግን መስመሩ ሲያልቅ ትንፋሽ ትወስዳለች። «ሰፊው» ከ«በር» ሲነጠል ሰው ሆነ።

ስለዚህ እርማቱን ከጆሮ ጀምሩ። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፤ መስመር ባለቀ ቁጥር ቆም በሉ። መቆሙ ከከበዳችሁ መስመሩ ያለቦታው ተቆርጧል። ቅጽል ከስሙ አይለይ። «ብድግ አለች»፣ «ዝም አለ» የመሳሰሉትም አንድ መስመር ላይ ይደሩ። የእኛን ገጽ ያዳነው ይህ ብቻ ነው፦

ድመቷ
ሰፊው በር ላይ ቆመች።

ቀጥሎ የዐረፍተ ነገሩ ርዝመት። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣው፣ ልጁ እዚያ ሲደርስ መነሻውን ይረሳል። ረቂቁ ውስጥ ይህ ነበር፦ «በግንቡ ጥላ ሥር ተኝታ የነበረችው ትንሿ ድመት የደወል ድምፅ በሰማች ጊዜ ከእንቅልፏ ብድግ አለች።» ለደራሲዋ ይህን አቀረብኩላት፦

ትንሿ ድመት ተኝታለች።
ደወል ሰማች።
ብድግ አለች!

ግንቡና ጥላው ሥዕሉ ላይ አሉ፤ ቃል አያስፈልጋቸውም። ግን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አትቁረጡ። ጽሑፉ የእሷ ነው።

የፊደል እርማት መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ዐረፍተ ነገር ስትነካኩ አዲስ ስህተት ትጨምራላችሁና። ዋናው ጣጣ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። አንድ ገጽ ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሀይ» አግኝቻለሁ። ማንበብ ለሚማር ልጅ ሁለቱ ሁለት ቃል ናቸው። ወረቀት ላይ ዝርዝር ያዙ፦ ፀሐይ፣ ንጉሥ፣ ዓሣ፣ ዓይን። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና እስከ መጨረሻው በእሱ ሂዱ። አራት ነጥቡንም እዩት። አንዳንዱ በ«።» ፋንታ ሁለት ጊዜ «:» ይመታል፤ ለዓይን ስለሚመሳሰል በኮምፒውተሩ መፈለጊያ ብትለቅሙት ይሻላል።

ከዚያ ዲዛይነሩ ገጾቹን ካቀናበረ በኋላ አሳትማችሁ እንደገና አንብቡ። ፊደሉ ትንሽ ከተለቀ መስመሩ ሁሉ ይገፋል። እኔ ያስተካከልኩት ገጽ ተቀናብሮ ሲመጣ፣ ልብስ ሰፊው ተመልሶ በሩ ላይ ቆሟል።