«እሺ፣ ግን…» እና ሌሎች ውል የሚያሳጡ ስህተቶች

ቢሮዬ የሚመጣ ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ ስልኩን ከፍቶ ነው የሚገባው። «ይኸው ተስማምተን ነበር፣ ከዳኝ» ይለኛል። መልእክቱን ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፤ ድርድር አገኛለሁ፣ ስምምነት ግን አጣለሁ። ጠብ የሚያስነሱት ስህተቶች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይብሳል።

የተለጠፈ ዋጋን የውል ሐሳብ አድርጎ መቁጠር። የውል ሐሳብ ማለት ሌላው ወገን «ተቀብያለሁ» ሲል ውል የሚሆን ሐሳብ ነው። ሻጩ ቴሌግራም ላይ የስፌት ማሽን ፎቶ ለጥፎ «48,000 ብር» ይላል። ገዢው «እወስዳለሁ» ብሎ ይጽፍና ማሽኑን የገዛ ይመስለዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1687 እንዲህ አይልም። የዋጋ ዝርዝር መላክ ወይም መለጠፍ፣ ዕቃም ለሕዝብ እይታ መደርደር፣ የውል ሐሳብ ማቅረብ አይደለም፤ ሰውን ወደ ድርድር መጥራት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ማሽኑ አንድ ሆኖ አርባ ሰው «እወስዳለሁ» ቢል ሻጩ በአርባ ውል ሊታሰር ነው። ስለዚህ የውል ሐሳብ ያቀረበው «እወስዳለሁ» ያለው ገዢ ነው፤ መቀበል ወይም አለመቀበል የሻጩ ፈንታ ይሆናል። ነጋዴው በለጠፈው ዋጋ አልሸጥም ቢል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ የራሱ ጥያቄ ሊያነሳበት ይችላል፤ እሱ ግን ሌላ መንገድ ነው።

«እሺ፣ ግን…» ብሎ መመለስ። ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠር ትቻለሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ የገጠማትን ልንገራችሁ። ሻጩ ለእሷ ብቻ እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «ለአንቺ በ45,000 እሰጥሻለሁ። እስከ ዓርብ እጠብቅሻለሁ።» ይኼ ማስታወቂያ አይደለም። ዕቃው ታውቋል፣ ዋጋው ተቆርጧል፣ የተጻፈውም ለእሷ ነው። ቀን ስለተቆረጠለት ደግሞ በቁጥር 1690 መሠረት ሻጩ እስከ ዓርብ በሐሳቡ ታስሯል። ቀብድ ባትከፍልም፣ ከዓርብ በፊት «ተቀብያለሁ» ብላ ብትልክለት ውሉ ያልቅ ነበር።

እሷ ግን ረቡዕ ዕለት «እሺ፣ ግን 43 አድርግልኝ፣ ማጓጓዣውንም አንተ ቻል» ብላ መለሰች። ሻጩ ዝም አለ። ሐሙስ ማሽኑን ለሌላ ሸጠ። ዓርብ ጠዋት «በቃ በ45 እወስዳለሁ» ስትለው «ተሸጧል» አላት። «ጋሼ፣ እስከ ዓርብ ብሎኝ አልነበር?» እያለች እንባዋ መጣ። ብሎ ነበር። ነገር ግን ቁጥር 1694 ከቀረበው ሐሳብ ጋር በትክክል ያልገጠመ መልስ ሐሳቡን እንዳለመቀበልና እንደ አዲስ ሐሳብ ይቆጠራል ይላል። ረቡዕ ዕለት የ45,000ው ሐሳብ በራሷ እጅ ወደቀ፤ የ43,000ው ደግሞ የእሷ ሐሳብ ሆነ፣ ሻጩም አልተቀበለውም። ዓርብ የምትቀበለው ነገር አልቀረላትም ነበር።

ሁለት ሺህ ብር ለማስቀነስ ማሽኑን ማጣት ያንገበግባል፤ የሚያንገበግበኝም መዳኛው ቀላል ስለሆነ ነው። መከራከር ከፈለጋችሁ በጥያቄ ጀምሩ፦ «በ43 ይሆናል ወይ? ካልሆነ ያልከው ሐሳብ እንዳለ ሆኖ ዓርብ ቁርጡን አሳውቅሃለሁ።» መጠየቅ እምቢ ማለት አይደለም። መቀበል ከፈለጋችሁ ደግሞ «በ45,000 ብር ተቀብያለሁ» ብላችሁ ነጥብ አድርጉ፤ የማጓጓዣውን ነገር በሌላ መልእክት፣ እንደ ውለታ ጠይቁ። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ለደንበኛዬ በጻፍኩት የመቀበያ ደብዳቤ ላይ አንዲት የክፍያ ቀን ጨምሬ ተቀባይነቱን አበላሽቻለሁ። ለባለጉዳዩ ስነግረው የነበረውን ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ያለ ቀብድ ውል የለም ማለት። ቀብድ ለውሉ መኖር ማስረጃ ነው እንጂ ውሉን የሚወልደው እሱ አይደለም። መቀበልም የግድ ፊርማ አይፈልግም፤ በቃል፣ በምልክት ወይም በድርጊት ይሆናል። ሚኒባስ ውስጥ ገብታችሁ ስትቀመጡ የተቀበላችሁት በድርጊት ነው። የቤት ሽያጭ ግን በጽሑፍ ካልሆነ እንዳትነኩት።

ዝምታን እሺታ ማድረግ። «እስከ ነገ ካልመለስክልኝ ተስማምተሃል ማለት ነው» የሚል መልእክት ከደረሳችሁ አትደንግጡ። ቁጥር 1682 ዝምታ መቀበል አይደለም ይላል። ልትጠነቀቁ የሚገባው ከላኪው ጋር ቀድሞ የቆየ የንግድ ግንኙነት ካላችሁ ነው። ለምሳሌ በየወሩ ጨርቅ የሚያስረክባችሁ ነጋዴ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ዋጋው ይህ ነው፣ በተገቢ ጊዜ ካልመለሳችሁ እንደተቀበላችሁ እቆጥረዋለሁ» የሚል ለይቶ የተጻፈ ወረቀት ከላከ፣ በቁጥር 1684 ዝምታችሁ ሊያስራችሁ ይችላል። እንዲህ ያለውን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት፤ ካልተስማማችሁ በደረሳችሁ ቀን «አልተቀበልኩም» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ፣ ቅጂውንም ያዙ።