ተከፋይ ጡረታ በየወሩ ዴቢት እያሳየ ሲያስቸግር

ፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የተከፋይ ጡረታ ሂሳብ ከክፍያ በኋላ ዜሮ መሆን ሲገባው የ22,000 ብር ዴቢት ያሳያል። በሚቀጥለው ወር 44,000 ይሆናል። ዕዳ መሆን ያለበት ሂሳብ እኛን አበዳሪ አስመሰለን።

መጀመሪያ የባንክ መግለጫውን አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። የሥራ ግብሩን እንደገና አሰላሁ፤ እሱም ልክ ነው። ልዩነቱን ማስተካከያ መዝግቤ ዘጋሁት፤ በወሩ ተመልሶ መጣ። 22,000ን ለጥቅል ደመወዙ 215,000 ሳካፍል 10.2 በመቶ ገደማ ሆነ፤ ምንም አይናገርም።

ፍንጩ የተገኘው የትርፍ ሰዓቱን 15,000 አውጥቼ ለመሠረታዊ ደመወዙ 200,000 ሳካፍል ነው፦ ድፍን 11 በመቶ። የአሠሪው ድርሻ!

የግል ድርጅት ጡረታ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ። የሠራተኛው 14,000 ከደመወዝ ስለሚቆረጥ ፔይሮሉ ላይ አለ። የአሠሪው 22,000 ግን የማንንም የተጣራ ክፍያ ስለማይነካ ከፔይሮሉ የተወሰደው ምዝገባ ዘሎታል። ስንከፍል ደግሞ 36,000ውን በሙሉ ተከፋይ ጡረታ ላይ ዴቢት እናደርጋለን።

የሠራው መፍትሔ፣ ከደመወዝ ምዝገባው ጋር በዚያው ቀን ይህን መጨመር ነው፦

```
ዴቢት   የጡረታ መዋጮ ወጪ   22,000
ክሬዲት  ተከፋይ ጡረታ        22,000
```

አሁን በወሩ መጨረሻ 36,000 ዕዳ ይታያል፣ ሲከፈል ዜሮ ይሆናል። ላለፉት ወራትም ይኸው ምዝገባ በየወሩ ቀን ይገባል፤ የድሮው ማስተካከያ ግን አስቀድሞ መሰረዝ አለበት፣ አለዚያ ወጪው ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።