መንጋጋ ሲንቋቋ፦ ሕመሙን የሚያባብሱ ስህተቶች

አፍ ሲከፈት ከጆሮ ፊት ለፊት «ቋ» የሚለው ድምፅ አጥንት የተሰበረበት አይደለም። በታችኛው መንጋጋ ራስና በራስ ቅል መካከል ዲስክ የሚባል ስስ ትራስ አለ። ይህ ትራስ ወደ ፊት ሸርተት ካለ፣ አፍ ሲከፈት የመንጋጋው ራስ ዘሎ ይወጣበታል፤ ድምፁም ይሄው ነው። አፍ ሲዘጋ ደግሞ ተመልሶ ይወርዳል፤ ያኔ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ለስለስ ያለ ነው።

ድምፁን ለማጥፋት መታገል። ሕመም የሌለውና አፍን የማያግድ ድምፅ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ዕድሜ ልካቸውን አብረውት የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ጉዳት የሚመጣው «አሁንም አለ?» እያሉ በቀን ደጋግሞ አፍን በመክፈትና መንጋጋን ወደ ጎን በመግፋት ነው። እንዲህ ሲደጋገም መገጣጠሚያው ሊቆጣ ይችላል። መታከም ያለበት ሕመሙ ነው።

የጆሮ ወይም የጥርስ በሽታ ነው ብሎ መደምደም። ጠዋት ስትነሳ ቀኝ ጆሮዋን የሚያማት፣ ጉንጯ የሚደክማት፣ ሥጋ ስታኝክ የሚብስባት ሴት እናስብ። የጆሮ ጠብታ ወሰደች፣ አልተሻላትም። ቀጥሎም የመንጋጋ ጥርሷን ልታስነቅል አሰበች። ከዚህ በፊት ግን አንድ ቀላል ምርመራ አለ። ጥርሷን ነክሳ ጉንጯ ላይ የሚያብጠውን ጡንቻ ካገኘች በኋላ፣ ጥርሷን ለቃ ያንን ቦታ በጣቷ ትጫን። ከዚያም ከጆሮዋ ፊት ያለውን መገጣጠሚያ። የምታውቀው ሕመም እዚያው ከተቀሰቀሰ ምንጩ ጡንቻው ወይም መገጣጠሚያው ሳይሆን አይቀርም። ጆሮ መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ አንድን ጥርስ ለይቶ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ምግብ አለስልሶ ጥርስን ነክሶ መዋል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ገንፎና ፍትፍት እየበሉ፣ ኮምፒውተር ፊት ወይም መሪ ጨብጠው ቀኑን ሙሉ ጥርስ የሚነክሱ ሰዎች ለምን እንዳልተሻላቸው ይገርማቸዋል። ጥርስና ጥርስ መገናኘት ያለባቸው ሲታኘክና ሲዋጥ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ከንፈር ይዘጋል፣ ጥርስ ይለያያል፣ የምላስ ጫፍ ከላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ላንቃ ላይ ያርፋል። ስልክ ባነሱ ቁጥር ጥርስዎ የት እንዳለ ቢያዩ ልማዱ ይታወቅዎታል። ማስቲካ፣ ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ በጥርስ ቆርኪ መክፈት ለሁለት ሳምንት ይቅሩ። ጫት የሚቅም ሰው ደግሞ ለሰዓታት በአንድ ጎን ስለሚያኝክ፣ ይህን ሳያቆም ሌላው እንክብካቤ ብዙም አይፈይድለትም።

በሙቅ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ጉንጭ ላይ ያድርጉ። ቆዳን የሚያቃጥል መሆን የለበትም። ከሙቀቱ በኋላ ምላስዎን ላንቃ ላይ እንዳደረጉ ምላሱ እስኪላቀቅ ድረስ ብቻ አፍዎን ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ 10 ጊዜ ይበቃል። ሲያዛጉ ከአገጭ ሥር በጡጫ ይደግፉ። አዋቂ ሰው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ በቀን ሦስቴ ለጥቂት ቀናት ሊወስድ ይችላል። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

የሌሊት የጥርስ ሽፋን በራስ ገዝቶ ማድረግ። ሽፋኑ የሚታሰበው ጠዋት መንጋጋው የሚደነድን ወይም ጥርሱ በመፋጨት የሚበላ ሰው ላይ፣ በተለይም የቤቱ እንክብካቤ ለጥቂት ሳምንታት ተሞክሮ ካልበቃ ነው። ማፋጨቱን አያስቆምም፤ ጥርስን ከመበላት ይጠብቃል፣ ለአንዳንዶችም ሕመም ያቀላል። ለድምፅ ብቻ አይታዘዝም። በሙቅ ውኃ አለስልሰው የሚነክሱት ለስላሳ ሽፋን አንዳንዱን ሰው ይበልጥ እንዲነክስ ያደርገዋል። የፊት ጥርሶችን ብቻ የሚሸፍነው ደግሞ ሲቆይ የጀርባ ጥርሶችን አቀማመጥ ሊለውጥ ይችላል። የሚመረጠው ሁሉንም ጥርስ የሚሸፍን፣ በጥርስ ሐኪም ልክ ተወስዶ የሚሠራ ጠንካራ አክሪሊክ ነው። ከተረከቡ በኋላ ለማስተካከል ተመልሰው ይሂዱ፤ አንድ ጎን ብቻ ቀድሞ የሚነካ ሽፋን ሕመም ይጨምራል። ጠዋት ሲያወልቁ ንክሻዎ ለጥቂት ደቂቃ ቢለወጥ ችግር የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ካልተመለሰ ግን ማድረጉን አቁመው ሐኪሙን ያሳዩ። በፈላ ውኃ አይጠቡት፣ ይጣመማል።

የተቆለፈ መንጋጋን መጠበቅ። ድምፁ በድንገት ጠፍቶ አፍዎ ሦስት ጣት አቁመው ካላስገባ፣ ዲስኩ መንገድ ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በቀናት ውስጥ ይታዩ። በግድ አይክፈቱት። ተከፍቶ አልዘጋ ካለ፣ እብጠትና ትኩሳት ከመጣ፣ ፊት ከደነዘዘ ዕለቱኑ ይሂዱ። ዕድሜው ከ50 በላይ ሆኖ ሲያኝክ መንጋጋው የሚዝልና አዲስ የራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ያለበት ሰውም እንዲሁ፤ ይህ ዓይንን ሊያሳውር የሚችል የደም ሥር ቁጣ ሊሆን ይችላል። የመንጋጋ ሕመሙ ከደረት መጨነቅ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ።