ለቆዳ ክሬም የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በ«ችግር፣ ማጉላት፣ መፍትሔ» እንዴት ይጻፋል?

የዚህ አጻጻፍ መንገድ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የተመልካቹን ችግር ማሳየት፣ ቀጥሎ ችግሩ ለምን እንደማይለቅ ማጉላት፣ ከዚያ መፍትሔውን ማቅረብ ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ብዙም አያስቸግሩም። የቆዳ ማስታወቂያ የሚበላሸው መሃሉ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። ምሳሌያችን ጎንደር አራዳ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ነው። የሚሸጠው ግሊሰሪን ያለበት የ50 ሚሊ ሊትር የፊት ክሬም ሲሆን፣ ቪዲዮው በጥር ወር በቴሌግራምና በቲክቶክ ይለቀቃል።

አንድ ቪዲዮ የሚሸከመው አንድ ችግር ብቻ ነው። ባለ ሱቁ «ለድርቀትም፣ ለብጉርም፣ ለማድያትም» እንዲባልለት ቢፈልግ እንኳ እሺ አይባልም። በ30 ሰከንድ ሦስት ችግር የሰማ ሰው የእኔ ነው ብሎ የሚይዘው አንድም የለውም፤ ደግሞም ግሊሰሪን ማድያት አያጠፋም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ በጥር ዝናብ የለም፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጠዋቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ፀሐይና አቧራ ነው። ስለዚህ ችግራችን ድርቀት ይሆናል።

ችግሩን የምትጽፉበትን ቃል ከክሬሙ ካርቶን ላይ አትውሰዱ፤ ደንበኞች ከባንኮኒው ፊት ቆመው ከሚሉት ውሰዱ። «የቆዳ እርጥበት መቀነስ» የሚል ደንበኛ የለም። «ፊቴን ይወጥረኛል»፣ «ነጭ ነጭ ይልብኛል» ነው የሚሉት። ሁለት ቀን ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ እነዚህን በማስታወሻ መያዝ ስክሪፕቱን ግማሽ ያደርሰዋል። ከቃሉም በላይ የሚሠራው በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው። የደረቀ ክንድ ላይ ጥፍር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ነጭ መስመር ይተዋል። ይህን ሁሉም ሰው በራሱ ላይ አይቶታል፤ ስለዚህ የቪዲዮው የመጀመሪያ 6 ሰከንድ ይሁን።

አሁን ወደ ማጉላቱ እንምጣ። ብዙ ሰው ማጉላት ማለት ማስፈራራት ወይም ማሳፈር ይመስለዋል። «ፊትሽ ተበላሽቷል»፣ «ሰው እያየሽ ነው» ተብሎ ይጻፋል። ይህ በሁለት ምክንያት አይሠራም። አንደኛ፣ አማርኛ በቃሉ መጨረሻ ላይ ሰውየውን ከነጾታው ይዞ ስለሚመጣ «ፊትሽ ደርቋል» ሲባል የሚሰማው ስድብ ነው፤ ወንድ ተመልካች ደግሞ የእኔ ጉዳይ አይደለም ብሎ ያልፈዋል። ያንኑ «ፊት ሲደርቅ» ወይም «የደረቀ ቆዳ» ብላችሁ ብትጽፉት ወቀሳው ይጠፋል፣ ችግሩ ግን ይቀራል። ሁለተኛ፣ ውርደት ችግሩን አያብራራም። ተመልካቹ መድረቁን አስቀድሞ ያውቃል። ያላወቀው እስካሁን ያደረገው ነገር ለምን እንዳልጠቀመው ነው።

ማጉላት ያለበት ይህንን ነው፦ ሰው የሞከረውን ማሳየት፣ የት ላይ እንደሚያቅተው መናገር። በእኛ ምሳሌ ሰው ጠዋት በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ፊቱን በፎጣ አድርቆ ቫዝሊን ይቀባል፣ እኩለ ቀን ላይ አቧራ ተለጥፎበት ቆዳው መልሶ ይወጠራል። ምክንያቱም ቫዝሊን በራሱ ውሃ አይሰጥም፤ ቆዳው ላይ ያለውን ውሃ እንዳይተን ይከድነዋል እንጂ። በደረቀ ፊት ላይ ሲቀባ የሚከድነው ውሃ ጥቂት ነው። ይህን ሲሰማ ተመልካቹ «ለካ ለዚህ ነው» ይላል። ከዚህ በኋላ መፍትሔውን ራሱ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቫዝሊን ቆዳ ያበላሻል» ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ እናቱ ዕድሜ ልኳን ስትቀባ ያየ ሰውም አያምናችሁም። ብልህ ተመልካች «ታዲያ ቫዝሊኑን እርጥብ ፊት ላይ ብቀባውስ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «ይረዳል» ነው። የክሬሙ ብልጫ ሌላ ቦታ ነው፦ ግሊሰሪን ውሃ ስቦ ይይዛል፣ ክሬሙም እንደ ቫዝሊን ስለማያጣብቅ አቧራ በቀላሉ አይለጠፍበትም። ስክሪፕቱ ይህን ልዩነት ብቻ ይሽጥ።

በዝግታና በግልጽ የሚነበብ አማርኛ በሰከንድ ወደ ሁለት ቃል ነው፤ ስለዚህ ለ30 ሰከንድ 60 ቃል ገደማ ይበቃል። የተጠናቀቀው ስክሪፕት ይህን ይመስላል፦

ከ0 እስከ 6 ሰከንድ (ጥፍር ክንድ ላይ ያልፋል፣ ነጭ መስመር ይታያል)፦ «በጥፍር ጫር ሲያደርጉት እንዲህ ነጭ መስመር የሚተው ቆዳ ውሃ አጥሮታል።»

ከ6 እስከ 15 (ፎጣ፣ ቅባት፣ አቧራማ መንገድ)፦ «ጠዋት ቅባት ይቀባል፤ እኩለ ቀን ላይ አቧራ ተለጥፎ ፊት መልሶ ይወጠራል። ቅባት ያለውን ውሃ ይከድናል። ፊቱ ደርቆ ከተቀባ ግን ምኑን ይከድነዋል?»

ከ15 እስከ 25 (ያው ክንድ፣ ክሬም፣ ያው ጥፍር)፦ «ይህ ክሬም ግሊሰሪን አለው፤ ውሃ ይዞ ያቆያል። ታጥበው ሳይደርቅ፣ የሽምብራ ፍሬ ያህል ይቀቡ። አሁን ይዩት።»

ከ25 እስከ 30፦ የሱቁ ቦታ፣ መጠኑ፣ ዋጋው በብር። ሌላ ምንም።

«አሁን ይዩት» ካለ በኋላ 2 ሰከንድ ዝም ይባላል። ብዙ ጸሐፊ እዚያ «ድንቅ ነው»፣ «ተአምር ነው» እያለ ይሞላዋል፤ መስመሩ አለመታየቱ ግን ከሁሉም የበለጠ ይናገራል። «ያድናል» እና «ያቀላል» የሚሉ ቃላትም ከስክሪፕቱ ይውጡ። ክሬሙ መድኃኒት አይደለም፤ አሳሳች ማስታወቂያ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 የተከለከለ ነው። የቆዳ ቀለምን እንደ ችግር ማቅረብማ ጨርሶ አይነካም። ይህን ሰምተው ሰዎች ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማቅሊያ ፍለጋ ይሄዳሉ፣ እሱ ኩላሊት ይጎዳል።

ቀረጻው ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ ይባል። ነጩ መስመር የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣ ነው። የስልኩን መብራት ፊት ለፊት ካበራችሁት ይጠፋል፣ ችግሩም አብሮት ይጠፋል። ጠዋት ከመስኮት አጠገብ ቁሙ፤ ሁለቱንም ምስል በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን፣ ያለ ፊልተር አንሱ። ክሬሙ ከተቀባ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ አለዚያ የሚታየው የክሬሙ ንጣት ነው። ብዙ ሰው ድምፅ ዘግቶ ስለሚያይ ንግግሩ በጽሑፍም ይውጣ፣ ነጭ ፊደል ግን ነጭ ክሬም ላይ አይነበብም።

ከመልቀቃችሁ በፊት ስለ ክሬሙ ምንም ላልሰሙ ሁለት ሰዎች አሳዩና «ጠዋት የተቀባው ለምን አልጠቀመውም?» ብላችሁ ጠይቁ። «ፊቱ ደርቆ ስለተቀባ» ካሉ ማጉላቱ ሠርቷል። «ክሬሙ ጥሩ ነው» ብቻ ካሉ መሃሉን እንደገና ጻፉት። ከተለቀቀ በኋላም ቲክቶክ ሰው የት ላይ ጥሎ እንደሚወጣ በመስመር ያሳያል። መስመሩ በ6ኛው ሰከንድ አካባቢ ቁልቁል ከወረደ፣ የማጉላቱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ችግሩን እየደገመ ነው፤ እሱን አውጥታችሁ በቀጥታ ከፎጣውና ከቅባቱ ጀምሩ። በ15ኛው ከወረደ ደግሞ ክሬሙ ከጥፍሩ ቀድሞ በስም እየተዋወቀ ስለሆነ፣ ካርቶኑን ወደ መጨረሻዎቹ 5 ሰከንዶች አዛውሩት።